የፀሐይ መስመር፦ በቀለበት ጣት ሥር የሚነበበው ዝና

የፀሐይ መስመር በመዳፍ ላይ ከታች ወደ ላይ ወጥቶ በቀለበት ጣት ግርጌ የሚያበቃ ቀጭን መስመር ነው። መስመሩ የሚያርፍበት፣ ከጣቱ ሥር ያለው ለስለስ ያለ የሥጋ እብጠት ደግሞ የፀሐይ ጉብታ ይባላል። የምዕራባውያን የመዳፍ ንባብ ጣቶችን ለሰማይ አካላት አከፋፍሏል፤ ጠቋሚ ጣት ለጁፒተር፣ መሀል ጣት ለሳተርን፣ ትንሿ ጣት ለሜርኩሪ፣ የቀለበት ጣት ደግሞ ለፀሐይና ለግሪኮቹ አምላክ ለአፖሎ ተሰጥቷል። አፖሎ የብርሃን፣ የዜማና የግጥም ጌታ ተብሎ ይመለክ ስለነበር፣ በጣቱ ሥር የሚገኘው ምልክት ሁሉ ስለ ፈጠራ ችሎታ፣ ስለ ዝናና ስለ ሕይወት እርካታ እንዲናገር ተደረገ። ሕንዶችም በራሳቸው የእጅ ንባብ ይህንኑ መስመር የሱሪያ፣ ማለትም የፀሐይ መስመር ይሉታል።

በአውሮፓ ስለ መዳፍ ምልክቶች ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መጻሕፍት ታትመዋል። ዛሬ በየመጽሐፉ የሚገኘው ትርጉም ግን በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ፈረንሳዊው አዶልፍ ደባሮል እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው መጽሐፍ የድሮውን የኮከብ ትምህርት ከእጅ ቅርጽ ጋር አጋባው። ራሱን ኬይሮ ብሎ የሰየመው አየርላንዳዊ ዊልያም ጆን ዋርነር ደግሞ በለንደን የታወቁ ሰዎችን እጅ እያየ በ1890ዎቹ ገናና ሆነ። አሜሪካዊው ዊልያም ቤንሃም በ1900 ባወጣው ትልቅ መጽሐፍ ንባቡን እንደ ሳይንስ በሥርዓት ለማስቀመጥ ሞከረ። በኢትዮጵያ የሚታወቀው የአውደ ነገሥት ስሌት ከስም ፊደላት ቁጥር ተነሥቶ ወደ ኮከብ የሚሄድ በመሆኑ ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። መዳፍ አንባቢ የሚነሣው ከስም ሳይሆን ከሥጋና ከቆዳ ነው።

መስመሩን ለማየት ደማቅ ብርሃን ከፊት ለፊት ማብራት አይጠቅምም፤ ስስ መስመሮችን ያጠፋቸዋል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣና እጁ ዘና ብሎ በትንሹ ሲታጠፍ ግን ጥላ ይፈጠርና መስመሩ ይወጣል። ጠንቃቃ አንባቢዎች መዳፉን የማኅተም ቀለም ቀብተው በነጭ ወረቀት ላይ ያትሙታል። እዚህ ላይ የተለመደ ስሕተት አለ፤ የመዳፍ መሀል ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ወረቀቱን አይነካም፣ የፀሐይ መስመርም ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በዚያው ጎድጓዳ ቦታ ነው። ከወረቀቱ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ካልተደረገ በእጁ ላይ ያለው መስመር በኅትመቱ ላይ ተቆርጦ ይታያል፤ አንባቢውም በሰውየው ሕይወት ውስጥ ያልነበረ ውድቀት ያነባል። ሁለቱም እጆች መታየት አለባቸው፤ በልማዱ መሠረት በቀኝ እጁ ለሚሠራ ሰው ግራው አብሮት የተወለደውን፣ ቀኙ ደግሞ ራሱ ያዳበረውን ይናገራል።

ንባቡ የሚጀምረው ከመስመሩ ሳይሆን ከጉብታው ነው። ጉብታው ሞላ ያለ፣ ሲጫኑት የሚመለስና ከጣቱ መሀል ትክክል ሥር የተቀመጠ ከሆነ ውበት የሚወድ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ፣ ፊቱ የፈካ ሰው ነው ይባላል። ጠፍጣፋ ከሆነ ስለ ጥበብም ስለ ሙገሳም ብዙ የማይጨነቅ፣ ኑሮን በጥቅሙ የሚመዝን ሰው ይሆናል። ከመጠን በላይ ያበጠው ደግሞ የጎደለውን ያህል አይወደድም፤ ለታይታ መኖር፣ ገንዘብ መበተንና ጭብጨባ መናፈቅ ይሰጠዋል። ጉብታው ወደ መሀል ጣት ካዘነበለ የሳተርን ክብደት ይጫነዋል፤ ሰውየው የሚፈጥረው ነገር ያማረ ቢሆንም በሥራው አይደሰትም። ወደ ትንሿ ጣት ካዘነበለ ደግሞ ጥበቡን ወደ ንግድ ያዞራል።

ማዘንበሉን በዓይን ግምት ብቻ መወሰን እንደማይበቃ ቤንሃም ያውቅ ነበር። እርሱ ያስተማረው የጉብታውን ጫፍ መፈለግን ነው። በመዳፍ ቆዳ ላይ እንደ ጣት አሻራ ያሉ ጥቃቅን መስመሮች አሉ፤ ከየጣቱ ሥርም እነዚህ መስመሮች ከሦስት አቅጣጫ መጥተው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሠርተው ይገናኛሉ። ያ ነጥብ የጉብታው ጫፍ ነው፤ ከጣቱ መሀል ጋር ሲነጻጸር ማዘንበሉ ይታወቃል። ዘዴው ብልህነት አለው፤ አጉሊ መነጽር የያዘ ማንም ሰው ሊያጣራው ይችላል። አንድ እንቅፋት ግን አለበት። የቆዳ አሻራን የሚያጠኑ ሐኪሞች እንደሚያውቁት ከአራቱ ጣቶች ሥር ካሉት ነጥቦች መካከል ብዙ ጊዜ የሚታጣው ይኸው የቀለበት ጣት ነጥብ ነው። ጫፉ በሌለበት መዳፍ ላይ አንባቢው ያለ ምንም መለኪያ ይቀራል።

ከጉብታው ቀጥሎ መስመሩ ይመጣል፤ በመስመሩ ላይ ከሁሉ የበለጠ ክብደት የሚሰጠው ደግሞ ከየት እንደሚነሣ ነው። በኬይሮ ትምህርት መስመሩ አውራ ጣትን ከሚከበው የሕይወት መስመር ከተነሣና የቀረው እጅ ጥበበኛ ከሆነ ሰውየው ዕድሜውን ለውበት ይሰጣል። በመዳፉ መሀል ወደ ላይ ከሚወጣው የዕድል መስመር ከተነሣ፣ ከተነሣበት ዕድሜ ጀምሮ የሰውየው ሥራ ዕውቅና ያገኛል። በትንሿ ጣት በኩል ከእጅ አንጓ በላይ ካለው የጨረቃ ጉብታ ከተነሣ ግን ስኬቱ በሌሎች ሰዎች ፍላጎት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዘፋኝ፣ ተዋናይና ፖለቲከኛ እዚህ ውስጥ ይመደባሉ፤ ሕዝብ ሲወዳቸው ይነሣሉ፣ ሲረሳቸው ይወድቃሉ። ከመዳፉ መሀል ሜዳ የሚነሣው ከብዙ ችግር በኋላ የሚመጣ ዝና ነው። መዳፉን አቋርጦ ከሚያልፈው የአእምሮ መስመር ከተነሣ ሰውየው በራሱ ችሎታ፣ በዕድሜው አጋማሽ ላይ ይሳካለታል። ከሁሉ በላይ ካለው የልብ መስመር ከተነሣ ደግሞ ዕውቅናው የሚመጣው በእርጅና ዘመን ነው።

እዚህ ላይ የአሠራሩ ሰዓት ይታያል። መስመሩ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ የአእምሮ መስመርን የሚያቋርጥበት ቦታ በግምት 35 ዓመት፣ የልብ መስመርን የሚያቋርጥበት ደግሞ 50 ዓመት አካባቢ ይባላል። ስለዚህ ከልብ መስመር በላይ ብቻ የሚታየው አጭር መስመር የሚናገረው ስለ ጡረታ ዘመን ነው። ብዙ የዘመኑ አንባቢዎች ይህን አጭር ቁራጭ ከዝና ይልቅ የእርካታ ምልክት አድርገው ይወስዱታል፤ ሰውየው ዕድሜው ሲገፋ በያዘው ነገር ደስ ብሎት ይኖራል ይላሉ። በአዋቂዎች እጅ ላይ ከሌላው ዓይነት ይልቅ ቶሎ የሚገኘው ይኸው አጭር መስመር በመሆኑ፣ ደግ ትርጉም መስጠቱ ለአንባቢው ገበያም ሳይጠቅም አልቀረም።

በመስመሩ ላይ የሚገኙ ምልክቶች ትርጉሙን ይለውጣሉ ይባላል። መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ መልሶ ሲገጥም በመካከሉ የሚፈጠረው ደሴት የስም መጉደፍን ያመለክታል፤ ደሴቱ እስኪያልቅ ሰውየው ክብሩን ያጣል። አግድም የሚቆርጡት ትንንሽ መስመሮች የምቀኛ እጅ ናቸው። በመስመሩ ጫፍ ላይ የሚገኝ ኮከብ ድንገተኛና ደማቅ ዝናን ይሰጣል፤ አራት ማዕዘን ደግሞ ስምን ከሐሜት ይጠብቃል። ጉብታው ላይ ብዙ ስስ መስመሮች ከተደረደሩ ግን እንደ ሀብት አይቆጠሩም። ሰውየው ሁሉን እየጀመረ አንዱንም የማይጨርስ ነው፤ አንድ ጥርት ያለ መስመር ከአምስት ደብዛዛ ይሻላል። የመዳፉ መሀል በጣም የጎደጎደ ከሆነ ደግሞ፣ ኬይሮ እንደሚለው፣ መስመሩ ቢያምርም ኃይሉን ያጣል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር በደንብ መለየት አለበት፤ ጥሩ አንባቢዎች ሳይቀሩ የሚያደበላልቁት እዚህ ላይ ነው። በጥንታዊው ሥርዓት የፀሐይ መስመር ችሎታ ራሱ አይደለም። ችሎታ የሚነበበው ከጣቶች ቅርጽ፣ ከአእምሮ መስመርና ከጉብታዎች ነው። የፀሐይ መስመር የሚጨምረው ያ ችሎታ በሰው ዘንድ መታየቱን ነው። በዚህ አነጋገር መስመር የሌለው ሠዓሊ ጥሩ ሠዓሊ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሥራውን የሚያይለት አያገኝም። መስመሩ ያለው ነጋዴ ደግሞ ብሩሽ ይዞ ባያውቅም በሰፈሩ ስመ ጥር ይሆናል። እርካታ ከሁለቱም የተለየ ሲሆን የሚፈለገው በዋናነት ከጉብታው ነው። ስለዚህ ጥርት ያለ መስመር በጠፍጣፋ ጉብታ ላይ ሲያርፍ ንባቡ የሚለው “ስም ያገኛል፣ ግን አይደሰትበትም” ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ እጅ ላይ እንዴት እንደሚገጣጠም ለማየት የ42 ዓመት ሴት፣ በሙያዋ ልብስ ሰፊ፣ መዳፏን ለአንባቢ ሰጠች እንበል። በግራ እጇ የፀሐይ መስመር የለም። በቀኝ እጇ ግን ከጨረቃ ጉብታ ይነሣል፤ ወደ አእምሮ መስመር ሲደርስ ትንሽ ደሴት ይሠራል፤ ከዚያ ጠርቶ ይወጣና የልብ መስመርን ካለፈ በኋላ በሦስት ይከፈላል። ጉብታው ሞላ ያለ ነው፤ ጫፉ ወደ መሀል ጣት አዘንብሏል። የቀለበት ጣቷ መካከለኛ አንጓ ከሌሎቹ ይረዝማል። አንባቢው ከጣቱ ይጀምርና “እጅሽ ሠርቶ የሚያሳይ ነው፤ ሐሳብ ብቻ አይበቃሽም” ይላታል፤ መካከለኛው አንጓ የተግባር ነውና። በግራዋ የሌለው በቀኟ መገኘቱ ስሟን ያገኘችው በራሷ ጥረት መሆኑን ይነግራታል። የጨረቃው መነሻ ኑሮዋ በደንበኞቿ አፍ ላይ እንደሚመሠረት ያሳያል። ደሴቱ በ35 ዓመቷ አካባቢ ስሟን ያጎደፈ ነገር ነበር ያሰኛል። የጉብታው ማዘንበል ደግሞ ሥራዋ ቢወደድም እርሷ ጉድለቱን ብቻ እንደምታይ ይናገራል። የመጨረሻው ሦስት ቅርንጫፍ ላይ ሲደርስ ግን አንባቢዎች አይስማሙም፤ አንዱ ስምና ሀብት በሚዛን ይመጡልሻል ሲላት፣ ሌላው ጉልበትሽን በሦስት ቦታ ትበትኛለሽ ይላታል።

ንባቡ ሴትየዋን ሊያስደንቃት ይችላል። ነገር ግን ምን ምን ከእጇ እንደወጣ መቁጠር ይቻላል። ልብስ ሰፊ መሆኗን ካወቁ በኋላ ኑሮዋ በደንበኛ ላይ መንጠልጠሉን ለመናገር መስመር አያስፈልግም። በ35 ዓመት አካባቢ የተፈጠረ ቅሬታ፣ የተበላሸ ልብስ ወይም የተጣላ ደንበኛ የማያስታውስ ልብስ ሰፊ ደግሞ አይገኝም፤ “አካባቢ” የሚለው ቃል ጥቂት ዓመታት ወደፊትና ወደኋላ ይዘረጋል። የራስን ሥራ ጉድለት ማየትም የጥሩ ባለሙያ ሁሉ ጠባይ ነው። ለመፈተን የሚመቸው፣ ገና ያልሆነውን የሚናገረው የሦስቱ ቅርንጫፍ ንባብ ብቻ ነው፤ እርሱም ሁለት ተቃራኒ መልስ ሰጠ።

በሥነ ጽሑፍ ታሪክ የገባው የዚህ ዓይነት ንባብ የኦስካር ዋይልድ ነው። ኬይሮ በኋላ በጻፈው ትዝታ እንደሚተርከው፣ በለንደን አንድ የእራት ግብዣ ላይ ፊታቸው በመጋረጃ የተሸፈነ እንግዶች እጃቸውን ብቻ አሳዩት። ከመካከላቸው የአንዱ ግራ እጅ የንጉሥ እጅ ነው አለ፤ ቀኙ ግን ራሱን በራሱ ለስደት የሚዳርግ ንጉሥ እጅ ነው ብሎ ተናገረ። የእጁ ባለቤት በዘመኑ ከፍተኛ ዝና የነበረው ዋይልድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ዋይልድ ተከሶ ሁለት ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈረደበት፤ በ1900 በፓሪስ ሞተ። ታሪኩ ያማረ ነው፤ ችግሩ የሚታወቀው ከራሱ ከኬይሮ ብዕር፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። አንድን ትንቢት ከውጤቱ በፊት የጻፈ ሰው ከሌለ መመዘኛ አይኖርም።

ከዚህ ይልቅ ጠንካራ ምስክርነት የሚሰጠው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሬይ ሃይማን ነው። በወጣትነቱ ገንዘብ ለማግኘት እጅ ያነብ ነበር፤ ሰዎች ንባቡ ትክክል ነው ሲሉት እርሱ ራሱ አመነበት። አንድ ወዳጁ የነበረ የትርኢት ሰው ግን መዳፉ ከሚለው ተቃራኒውን እንዲናገር መከረው። ሃይማን ሞከረው። መዳፎችን ከመጽሐፉ ትርጉም በተገላቢጦሽ ሲያነብ፣ ሰዎቹ እንደ በፊቱ ሁሉ ንባቡ ልክ ነው አሉት። ከዚያ በኋላ ሃይማን ዕድሜውን ሰዎች ለምን እንዲህ እንደሚያምኑ በማጥናት አሳለፈ። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ መምህር ያደረገው ሙከራም ይህን ያብራራል። ለ39 ተማሪዎቹ ለእያንዳንዳቸው የተዘጋጀ ነው ብሎ ስለ ጠባያቸው ጽሑፍ ሰጣቸው፤ ሁሉም የያዙት ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር። ከ5 ነጥብ በአማካይ 4.26 ሰጡት። ያልተጠቀምክበት ብዙ ችሎታ አለህ የሚል ዓረፍተ ነገር የማይገባው ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ የፀሐይ መስመር ንባብም በዋናነት የሚናገረው ይህንኑ ነው።

መስመሩ ራሱ ታዲያ ምንድን ነው? እጅን ዘርግቶ አውራ ጣትን ወደ ትንሿ ጣት ማቅረብ ይበቃል፤ መዳፉ እንደ ጽዋ ሲጎደጉድ ከቀለበት ጣት ሥር ቀጥ ያሉ እጥፋቶች ይወጣሉ። የጠቋሚና የመሀል ጣት የመዳፍ አጥንቶች እምብዛም አይንቀሳቀሱም፤ የቀለበት ጣትና የትንሿ ጣት አጥንቶች ግን ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ቆዳውም የሚሸበሸበው በዚያ በኩል ነው። ሦስቱ ዋና ዋና የመዳፍ መስመሮች ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ግድም ይሠራሉ። የፀሐይ መስመር ግን ከእነርሱ ውስጥ አይደለም፤ በአንዱ ይኖራል፣ በሌላው አይኖርም። የጉብታው ነገርም ቀላል ነው። በመዳፍ ቆዳ ሥር ጠንካራ ጅማታማ ሽፋን አለ፤ ወደ እያንዳንዱ ጣት የሚዘረጋ ረጅም ዘርፍ ያወጣል። የስቡ ትራስ በዘርፎቹ መካከል ስለሚወጣ እብጠቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው በጣቶች መካከል እንጂ ትክክል በጣቱ ሥር አይደለም። አንባቢዎች “አዘንብሏል” የሚሉት ጉብታ ከአጥንትና ከስብ አቀማመጥ የመጣ ነው። ዶማና አካፋ የሚይዝ ሰው ጉብታው ሊደድር፣ ሥራው ሲቀር ሊለሰልስ ይችላል፤ ጠባዩ ግን አብሮት አይለሰልስም።

የቀለበት ጣት ርዝመት ብቻ ከዚህ ወጣ ያለ ታሪክ አለው። ጥንታዊዎቹ አንባቢዎች በጣም ረጅም የቀለበት ጣት ያለውን ሰው ቁማርተኛ ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ እንግሊዛዊው ጆን ማኒንግና ሌሎች ተመራማሪዎች የጠቋሚና የቀለበት ጣት ርዝመት ንጽጽር በማሕፀን ውስጥ ከሚኖር የወንዴ ሆርሞን መጠን ጋር ይያያዛል የሚል ሐሳብ ይዘው ብዙ ጥናት አድርገዋል። በወንዶች ላይ የቀለበት ጣት ከጠቋሚው በአማካይ ረዘም ማለቱ ታይቷል። ከጠባይ ጋር ያለው ግንኙነት ግን አነስተኛና አከራካሪ ነው፤ ስለ አንድ ሰው ብቻውን የሚናገረው ነገር የለም። በዝና ላይ ደግሞ ምንም አይልም።

በቀለበት ጣት ሥር በእርግጥ ሊነበብ የሚገባው አንድ ምልክት አለ፤ እርሱም የሕክምና ነው። በመዳፉ ላይ ከዚህ ጣት ሥር ጠንከር ያለ እብጠት ወይም እንደ ገመድ የወጠረ ጅማት መሰል ነገር ሲወጣ፣ ጉብታው ከፍ አለ ወይም አዲስ መስመር መጣ ብሎ መደሰት አደጋ አለው። ይህ በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ስም የዱፒትረን ሕመም ይባላል። ያው የመዳፍ ጅማታማ ሽፋን እየደደረና እያጠረ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቀለበት ጣት ሲሆን ጣቱን ቀስ በቀስ ወደ መዳፍ ያጥፈዋል። ብዙዎችን አያምም፤ ለዚህም ሳያዩት ዓመታት ያልፋሉ። ዕድሜያቸው በገፋ ወንዶች፣ በሰሜን አውሮፓ ተወላጆች፣ በቤተሰባቸው ሕመሙ ባለባቸውና በስኳር ሕመምተኞች ዘንድ ይበዛል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ መዳፍን በጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፍቶ መጫን። መዳፉና ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ ጠረጴዛውን ካልነኩ ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ማየት ይገባል፤ ጣቱ ብዙ ከታጠፈ በኋላ ማቃናቱ በጣም ይከብዳልና።